በጭቃ ላይ የታተመ የአውሬ ዱካ ከፎቶግራፍ እንዴት እንደሚለይ

ክረምት በገባ ጊዜ የደብረ ብርሃን ሜዳና የአንኮበር አፋፍ ጭቃ የሌሊቱን ነገር ሁሉ እስከ ንጋት ድረስ ይጠብቃል። በደጃፍ ያለፈ፥ በአጥር ዙሪያ የዞረ፥ በጋጣ በር የቆመ እንስሳ ሁሉ የእግሩን መልክ ትቶ ይሄዳል። በዛሬው ዘመን ደግሞ የእጅ ስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሆኖአልና፥ በጎች የጠፉበት ባላገር ዱካውን አንሥቶ በከተማ ላለው ዘመዱ በዚያው ሰዓት ይልክለታል። ነገር ግን ዱካን በቦታው ቆሞ ማየትና በፎቶግራፍ ማየት አንድ አይደለም። በቦታው ያለ ሰው በዱካው ዙሪያ ይዞራል፥ ጥልቀቱን በጣቱ ይዳስሳል፥ ፊተኛውንና ኋለኛውን ይከተላል፤ ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ግን አንሺው ካሳየው በቀር ሌላ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዐምድ ዱካን ከፎቶግራፍ የማንበብን ነገር፥ ባለፈው ነሐሴ በእጃችን በገባ አንድ ጉዳይ እየመረመርን ልናስረዳ አሰብን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከአንኮበር ከተማ በታች፥ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት አጠገብ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ከሦስት በጎቹ አንዲቱን በሌሊት አጣ። በማግሥቱ የተገኘው ጥቂት ጠጕርና የተሰበረ አጥንት ብቻ ነበረ። እርሱ የጎረቤቱን ትልቅ ውሻ ጠረጠረ፤ ጎረቤቱም «ይህስ ከወፍ ዋሻ ደን የወጣ ነብር ነው እንጂ የኔ ውሻ በግ አይነካም» ብሎ ተከራከረ። ከተጠራጠሩት ቤተሰቦች አንዱ ሥጋ በመርዝ ለውሶ ሊጥል አስቦ ስለ ነበረ፥ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም አስታግሠው በጋጣው በር የተነሡትን ሦስት ፎቶግራፎች ላኩልን። የላኩትም ለፍርድ አይደለም፤ ዱካው የማን እንደ ሆነ ብቻ እንድንነግራቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ባየን ጊዜ ዱካው ወደ ውስጥ የተረገጠ ሳይሆን እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ላይ ያበጠ ሆኖ ታየን። ይህ በብዙ የዱካ ፎቶግራፍ ላይ የሚያጋጥም የዓይን ስሕተት ነው። የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ማየት ስለ ለመደ፥ በፎቶግራፉ ብርሃኑ ከታች በኩል የመጣ እንደ ሆነ ጥልቁን ጉብታ፥ ጉብታውን ጥልቅ አድርጎ ይገምታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉን ላዩን ወደ ታች ገልብጦ ማየት ነው። እኛም ገልብጠን ባየነው ጊዜ ዱካው ወዲያው ወደ ውስጥ ገባ፥ ጣቶቹም ተለይተው ታዩ። ይህን ሳያደርጉ መቍጠር የጀመሩ ሰዎች በጣቶች መካከል ያለውን ጭቃ እንደ ጣት ሲቈጥሩት እናያለን።

ከዚህ በኋላ የሚቀድመው ጣት መቍጠር ነው። ፈረስ፥ በቅሎና አህያ አንድ ሙሉ ኮቴ ያትማሉ፤ ላም፥ በግና ፍየል፥ ከዱርም ድኩላና ሚዳቋ ለሁለት የተሰነጠቀ ኮቴ ያትማሉ። አምስት ጣት የሚታየው በጭላዳና በዝንጀሮ ዘንድ ነው፤ እርሱም አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቶ ስለሚቆም የሰው እጅ ይመስላል። ጃርትም በኋላ እግሩ አምስት ጣት ያሳያል። አራት ጣት የሚያትሙት ግን በግ ከሚበሉት ወገን ናቸው፤ እነርሱም ውሻ፥ ቀበሮ፥ ጅብ፥ ነብርና አነር ናቸው። ውሻና ነብር በፊት እግራቸው አምስተኛ ጣት አላቸው፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ የበቀለ ስለ ሆነ መሬት አይነካም፥ በጭቃም አይታይም። ጅብ ግን በአራቱም እግሩ አራት አራት ጣት ብቻ ነው ያለው።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ስንቈጥር ስድስት ጣት አገኘን። ስድስት ጣት ያለው እንስሳ በአገራችን ዱር የለም፤ እንዲህ ያለ ቍጥር ሲገኝ አንዱ እግር በሌላው ላይ መርገጡን ያመለክታል። አራት እግር ያለው እንስሳ ረጋ ብሎ ሲሄድ የኋላ እግሩን የፊት እግሩ በነበረበት ቦታ ወይም በአጠገቡ ያሳርፋል፤ ጥቂት የዘነፈ እንደ ሆነ ከፊተኛው ዱካ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ሳይጠፋ ይቀርና ከኋለኛው አራት ጋር ተደምሮ ያደናግራል። ስለዚህ ያን ፎቶግራፍ ለቍጥር አልተጠቀምንበትም። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ብቻውን የተረገጠ አንድ ጥሩ ዱካ ነበረ፤ በእርሱም አራት ጣት ያለ ጥርጥር ይታያል።

አሁን ጥያቄው ከአራት ጣት ባለቤቶች ማንኛው ነው የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ጥፍር ይረዳል። ነብርና አነር እንደ ድመት ጥፍራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ስለሚሄዱ በዱካቸው ፊት የጥፍር ነጥብ አይታይም፤ የዱካቸውም መልክ ክብ ነው፥ የመካከለኛው መዳፍ የኋላ ጠርዝም በሦስት ጉብታ የተከፈለ ነው። ውሻ፥ ቀበሮና ጅብ ጥፍራቸውን መሰብሰብ አይችሉም፤ ከእያንዳንዱ ጣት ፊት የጥፍር ነጥብ ይተዋሉ። በእኛ ፎቶግራፍ ላይ ከአራቱም ጣቶች ፊት ደነዝ ያለ አጭር የጥፍር ምልክት ነበረ፤ የመዳፉም የኋላ ጠርዝ ሦስት ጉብታ አልነበረውም። ነብር በሚያንሸራትት ጭቃ ሲወርድ ጥፍሩን አውጥቶ መሬት ሊቧጥጥ ስለሚችል፥ የጥፍር መታየት ብቻውን ነብርን ነጻ አያወጣውም። ነገር ግን ያ ሲሆን ምልክቱ ረጅምና የተጎተተ ይሆናል እንጂ እንደዚህ ያለ ቁልጭ ያለ ነጥብ አይሆንም። የጥፍሩና የመዳፉ ምስክርነት ተስማምቶ ስለ ተገኘ ነብርን ከክሱ አወጣነው።

ውሻና ጅብ ግን ገና አልተለዩም፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው። የውሻ ዱካ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ወደ ፊት ቀድመው ጎን ለጎን ይቆማሉ፥ ሁለቱ የዳር ጣቶች ወደ ኋላ ቀረት ብለው በግራና በቀኝ ይሆናሉ፥ በጣቶቹና በመዳፉ መካከልም ሰፊ ጭቃ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጣቶቹንም መዳፉንም ሳይነኩ ሁለት ቀጭን ስንጥሮች እንደ መስቀል ማጋደም ይቻላል። የጅብ ዱካ እንዲህ አይደለም። ጣቶቹ ወፍራምና እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ናቸው፤ የዳር ጣቶቹ እንደ ባቄላ ፍሬ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብለው መካከለኞቹን ያቅፋሉ፤ የመዳፉም የኋላ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም፥ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ስለዚህ የጅብን ዱካ በመካከል ለሁለት ቢያጥፉት ግማሾቹ አይገጥሙም። እኛም በወረቀት ባሳተምነው ፎቶግራፍ ላይ በእርሳስ መካከለኛ መስመር አስምረን ባየን ጊዜ የመዳፉ ግራ ጎን ከቀኙ ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በጣቶቹ መካከልም ስንጥር የሚያስተኛ ቦታ አልነበረም።

መልክ እንዲህ ካመለከተ በኋላ ልክ መጠየቅ ይገባል። የሚያስደስተው፥ አንሺው አንድ ብር ሳንቲም በዱካው ዳር አስቀምጦ ነበር። ይህ ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው። በወረቀቱ ላይ ሳንቲሙን ብንለካው 9 ሚሊሜትር፥ ዱካውን ጥፍሩን ሳንጨምር ብንለካው 34 ሚሊሜትር ሆነ። እንግዲህ 34ን በ27 አብዝቶ ለ9 ማካፈል ነው፤ የሚገኘውም 102 ሚሊሜትር፥ ማለት 10 ሳንቲሜትር ከጥቂት ነው። ነገር ግን ሳንቲሙ የተቀመጠው በላይኛው ደረቅ ጠርዝ ላይ ነው፤ የዱካው ወለል ግን ከጠርዙ 3 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስልኩ ከሳንቲሙ በላይ 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለ ነበረ ከዱካው ወለል 53 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ የራቀ ነገርም አንሶ ይታያል። ይህን ለማቃናት 102ን በ53 አብዝተን ለ50 አካፈልን፤ 108 ሚሊሜትር ሆነ። ሳንቲሙ በጠርዙ ላይ ሳይሆን ከዱካው ወለል ጋር እኩል በሆነ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር።

ስንለካም የለካነው የዱካውን ወለል እንጂ አፉን አይደለም። እግር በጭቃ ሲሰምጥ ዳሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ጭቃው በረጠበ መጠን አፉ እየሰፋ ይሄዳል፥ የትንሽ ውሻ ዱካም እንደ አንበሳ ሆኖ ይታያል። ወለሉ ግን መዳፉ ያረፈበት ስለ ሆነ ከልኩ ብዙ አይርቅም። ቁልቁል በሚወርድ መንገድ ላይ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተትና ርዝመቱ ይጨምራል፤ እንዲህ ሲሆን ከርዝመቱ ይልቅ ወርዱን ማመን ይሻላል። በደብረ ብርሃን ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፥ ሦስትና አራት ቀን የቆየ ዱካ በውስጡ ስንጥቅ አልፎበት ጣት ያልሆነውን ጣት ያስመስለዋል። የእኛ ዱካ ግን በዚያው ጠዋት የተነሣ ነበረ።

የጅብ የፊት እግር ዱካ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 11 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ የኋላው ግን ከዚያ ያንሳል። ጅብ ትከሻውና አንገቱ ከባድ፥ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ፥ የኋላ አካሉም ቀላል ስለ ሆነ የፊት መዳፉ ሰፊ ሆኖ ተፈጥሮአል። በሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ብዙ ዱካዎች በተራ ስለ ታዩ፥ በዚያው ዘዴ ብንለካቸው ትልልቆቹ ወደ 11፥ ከኋላ ተከትለው የሚያርፉት ደግሞ ወደ 9 ሳንቲሜትር ሆኑ። በውሻም ዘንድ የፊቱ ከኋላው ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ጎልቶ አይታይም።

በዚህ በሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ወዳጃችን ዱላውን በዱካዎቹ መሥመር ጎን አጋድሞ አንሥቶ ነበርና እርምጃውንም ለማወቅ ቻልን። እርምጃ ሲባል ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር ያለው ርቀት አይደለም፤ ያው አንዱ እግር፥ ለምሳሌ ቀኝ የፊት እግር፥ አንድ ጊዜ ካረፈበት ቦታ ጀምሮ ዳግመኛ እስከሚያርፍበት ድረስ ያለው ርቀት ነው። ይህን ያልለዩ ሰዎች እርምጃውን በግማሽ ያሳንሱታል። ዱላው ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር መሆኑን በስልክ ጠይቀን ተረዳን፤ በወረቀቱ ላይ 60 ሚሊሜትር ነበረ። ከትልልቆቹ ዱካዎች የቀኙ የፊት እግር እርምጃ በወረቀቱ 48 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ በመሬት ላይ 96 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው። በዚያው ጭቃ ላይ ሌላ አነስ ያለ ዱካ ደግሞ ነበረ፤ መልኩ ግራና ቀኙ እኩል፥ ርዝመቱ 7 ሳንቲሜትር፥ እርምጃው 72 ሳንቲሜትር። ይህ ያለ ጥርጥር የውሻ ነው። የሄደበትም መንገድ ወዲያና ወዲህ የሚል ነበረ፤ ቤት ያደገ ውሻ እንዲሁ እያሸተተ ይዞራልና። ትልቁ ግን ከአጥሩ ቀዳዳ እስከ ጋጣው በር አንድ መሥመር ይዞ ሄዶአል።

እርምጃ ግን በራሱ ብዙ የሚታመን ምስክር አይደለም። እንስሳው በሮጠ ጊዜ ይረዝማል፥ ባደባ ጊዜ ያጥራል። የሚጠቅመው ዱካዎቹ በእኩል ርቀት ተከታትለው ረጋ ያለ አካሄድ ባሳዩ ጊዜ፥ በዚያው ጭቃ ላይ ካለ ሌላ ዱካ ጋር ለማነጻጸር ነው። በእኛ ፎቶግራፍ ትልቁ እንስሳ ከውሻው የረዘመ እግር እንዳለው አሳየን እንጂ ጅብነቱን አላስረዳም፤ ጅብነቱን ያስረዳው የጣቶቹ መልክና የፊቱ ከኋላው መብለጥ ነው።

እንግዲህ ሁለት እንስሳት በዚያ በር አልፈዋል፤ ጅብም ውሻም። ከሳሹ ይህን በሰማ ጊዜ «እንኪያስ ውሻውም ነበረበት» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የትኛው መቼ እንዳለፈ መፈለግ አስፈለገን፥ ይህንም ዝናቡ ነገረን። በውሻው ዱካ ወለል ላይ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ተነጥበው ይታያሉ፤ የዝናብ ጠብታ የመታው ነው። በጅቡ ዱካ ወለል ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም፥ የጥፍሩም ነጥብ ሹልነቱ አልደበዘዘም። ወዳጃችንን ብንጠይቀው ዝናቡ ያቆመው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል እንደ ነበረና፥ የቤቱ እመቤት ዝናቡ ካባራ በኋላ መብራት ይዛ ወጥታ ሦስቱን በጎች በጋጣው እንዳየቻቸው ነገረን። እንግዲህ ውሻው ያለፈው በጎቹ ሦስት ሳሉ ነው። በሁለት ቦታ ደግሞ ማለዳ ወደ መስክ የወጡት የቀሩት በጎች ኮቴ በጅቡ ዱካ ላይ ተደርቦ ታየ፤ ላይ ያለው ዱካ የኋለኛው ነውና፥ ጅቡ ያለፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ በጎቹ ሳይወጡ ነው።

ለሽማግሌዎቹ የጻፍነውም ይህንኑ ነው፤ ከዚህ አልጨመርንም። ዱካ ማለፍን እንጂ መግደልን አይመሰክርም። ጅብ ሌላ አውሬ የገደለውን ደርሶ መብላት ልማዱ ነው፤ ስለዚህ በጊቱ የተገደለችበት ቦታ በፎቶግራፍ ሳይነሣ ገዳዩን በእርግጥ መናገር አይቻልም። ውሻው ግን በሌሊቱ ሁለተኛ ክፍል በዚያ በር እንዳላለፈ፥ የነብርም ዱካ በሦስቱ ፎቶግራፎች ላይ እንደሌለ ደፍረን ተናገርን። የመርዙም ነገር በዚሁ ቀረ፤ የተመረዘ ሥጋ ውሻውንም ጥንብ አንሣውንም አይመርጥምና።

በመንዝ በኩል ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። በጓሳ ሣር ምድር፥ ከቀድሞ ጀምሮ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት እየከለለ በጠበቀው ቦታ፥ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ሁሉ ተቈጥረው 500 አይሞሉም። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ዱካው ግን በአራት ጣቱ፥ በጥፍሩና በግራና ቀኙ እኩልነት የውሻን ይመስላል፤ የእረኛ ውሾችም በዚያው መስክ ስለሚውሉ፥ አንድ ዱካ ብቻ የታየበትን ፎቶግራፍ ይዞ «ቀይ ቀበሮ ነው» ወይም «ውሻ ነው» ብሎ የሚቈርጥ ሰው ከሚያውቀው በላይ ተናገረ ማለት ነው። ከመንዝ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ለሚልኩልን አንባቢዎች የምንመልሰው ከውሻ ወገን መሆኑን ብቻ ነው። የጅብ ዱካ በዚያም አገር ቢሆን በመልኩ ይለያል።

ወደ ፊት ፎቶግራፍ ሊልኩልን ለሚያስቡ የምንለምነው ጥቂት ነገር አለ። ፀሐይ ገና ዝቅ ባለች ጊዜ፥ ጥላው የጣቶቹን ጠርዝ ሲያሳይ ያንሡ፤ በቀትር ብርሃን ዱካ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስልኩን ከዱካው በላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ በአግድም የተነሣ ዱካ ርዝመቱ ይታጠፋል። አንድ ዱካ በቅርብ፥ ሳንቲሙን ከወለሉ ጋር እኩል አድርጎ፤ ሌላ ደግሞ ቢያንስ አራት ተከታታይ ዱካ ራቅ ብሎ፥ ዱላ ወይም የታወቀ ገመድ በጎኑ አጋድሞ። የቤት ውሻ ያለውም ሰው ውሻውን በዚያው ጭቃ ላይ አስረግጦ ዱካውን ጨምሮ ቢያነሣ ከሁሉ የበለጠ ማነጻጸሪያ ይሆንልናል። ዝናብ የዘነበበትንና ያቆመበትን ሰዓት፥ በጎቹም ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ሰዓት ከፎቶግራፉ ጋር ጽፈው ይላኩልን።